የቤት ቁጥር የሌለው ቤት ፎርም ላይ አድራሻው እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም። ለማስተርስ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ እያመለከትኩ ነው። ፎርሙ ላይ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር እና ፖስታ ኮድ የሚሉት ሦስቱም ቀይ ኮከብ አለባቸው። ካልሞላኋቸው አያሳልፈኝም። የምኖረው አያት አካባቢ ነው። መንገዳችን ስም የለውም፣ መታወቂያዬ ላይም «የቤት ቁጥር አዲስ» ነው የሚለው። ጓደኛዬ ዝም ብለሽ 00000 በዪው አለችኝ። በኋላ ችግር ያመጣብኛል ብዬ ፈራሁ። የማመልከቻውን ክፍያ የሚከፍልልኝ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ነው። ምን ልጻፍ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ፎርሙን ተዪውና ሦስት ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። የፋይዳ ካርድሽን፣ የቀበሌ መታወቂያሽን፣ የባንክ ስቴትመንትሽን። አድራሻሽ የሚጻፈው ከእነዚህ ተገልብጦ ነው።

ይህን የምልሽ ለዓመታት ለሰው ፎርም ስሞላ ስለኖርኩ ነው። የትምህርት፣ የቪዛ፣ የዕቃ መላኪያ፣ ሁሉንም። በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ልጅ የቤት ቁጥር የሚለው ሳጥን አላሳልፍ ሲለኝ ከራሴ 123 ብዬ ሞላሁለት። መንገዱንም ቦሌ ሮድ አልኩት። ፎርሙ አለፈ። ከወራት በኋላ ትምህርት ቤቱ የባንክ ማስረጃ ሲጠይቀው ስቴትመንቱ ላይ ያለው የካ፣ ወረዳ 08 ነው። «የትኛው ነው ትክክለኛ አድራሻህ?» ብለው ጻፉለት። ከወረዳ ደብዳቤ አውጥቶ፣ አስተርጉሞ እስኪልክ አንድ ወር ሄደበት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው የሌለ ቁጥር ጽፌ አላውቅም።

ፎርሙን ሁለት አካል ነው የሚያየው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ። እሱ የሚያጣራው ሳጥኑ ባዶ አለመሆኑን፣ የገባው ፊደል የሚፈቀድ መሆኑን፣ የቁጥሩን ብዛት ነው። ቤትሽ አያት ይሁን ጀሞ አያውቅም። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ያየዋል። ሰውየው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የጻፍሽውን ከማስረጃሽ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለማሳለፍ ብለሽ የምታስገቢው ነገር ሰውየውን ግራ ማጋባት የለበትም። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ፋይዳ ካርዱን ገልብጪው። አድራሻሽ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ እንዳለ ውሰጂው። ወረዳን `Woreda` ካለ `Woreda`፣ `Wereda` ካለ `Wereda`። የትኛው ያምራል ብለሽ አትጨነቂ። ቁም ነገሩ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አማርኛ የማያነብ ሰው ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አያት ስለሆንሽ ደግሞ አንድ ነገር አስተውዪ። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት አካባቢው በቦሌና በየካ ሥር ነበር። የቀበሌ መታወቂያሽ ወይም የባንክ ሂሳብሽ ከዚያ በፊት የተከፈተ ከሆነ «ቦሌ» ወይም «የካ» ብሎ ሊቀር ይችላል። የወረዳው ቁጥርም ሊለይ ይችላል። አንቺ ቤት አልቀየርሽም፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ቦታ የምትኖሪ ትመስያለሽ። ይህ እኔ ጋ ከሚመጡ ሰዎች መካከል በብዙዎቹ ላይ ያየሁት ነገር ነው። የቤት ቁጥር ማጣት ከዚህ የቀለለ ነው።

እንዲህ ከሆነ ባንክሽ ቅርንጫፍ ሂጂና አድራሻዬን አስተካክሉልኝ በዪ። አዲሱን መታወቂያ ይዘሽ ከሄድሽ ብዙ የሚያስቸግር ጉዳይ አይደለም። ስቴትመንት የምታወጪው ከዚያ በኋላ ይሁን። ብዙ ሰው ስቴትመንቱን አስቀድሞ አውጥቶ፣ ማህተም አስመትቶ፣ ሲያየው አድራሻው «አዲስ አበባ» ብቻ ብሎ ያገኘዋል። ባንኩ ሂሳቡ ሲከፈት የተሞላለትን ነው የሚያትመው።

ወደ ሳጥኖቹ ልምጣ።

የመንገድ ስም የሚለው ሳጥን ውስጥ ክፍለ ከተማና ወረዳ ጻፊ። መንገድ ባይሆንም ግድ የለም። ያ ሳጥን ከከተማው ስም በታች ወርዶ ቤትሽን የሚያመላክት ነገር ነው የሚፈልገው። በእኛ አገር ያንን ሥራ የሚሠራው ክፍለ ከተማና ወረዳ ነው። ቦሌ መንገድም ሆነ ቸርችል ጎዳና አጠገብሽ ከሌለ ስማቸውን አትዋሺ። ሁለተኛው መስመር ላይ የሰፈሩን ስምና አንድ ምልክት ታስገቢያለሽ። በአንቺ ሁኔታ እንዲህ ይሆናል። ወረዳውን ለምሳሌ ያህል 05 ብያለሁ፤ አንቺ የራስሽን ከካርዱ ገልብጪ።

```
Address line 1: Lemi Kura Sub City, Woreda 05
Address line 2: No house number, near Ayat LRT Stn
City:           Addis Ababa
State/Province: Addis Ababa
Country:        Ethiopia
```

ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቢያ የሚለውን ቃል ያሳጠርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ፎርም በአንድ መስመር ከ35 እስከ 40 ፊደልና ክፍት ቦታ ብቻ ነው የሚቀበለው። ከዚያ በላይ ያለውን አንዳንዱ ይከለክላል። አንዳንዱ ግን ሳይነግርሽ ይቆርጠዋል። ይህ የባሰ ነው። ሞልተሽ ስትጨርሺ የሚመጣውን የማረጋገጫ ገጽ አንብቢ፤ መስመሩ መሃል ላይ ቆሞ ካየሽ ተመልሰሽ አሳጥሪ። ምልክት ስትመርጪ ደግሞ የማይነሳ ነገር ይሁን። የባቡር ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው። ካፌና ሱቅ ስሙን ይቀይራል፣ ማመልከቻሽ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል።

ክልል የሚለው ሳጥን ላይ አዲስ አበባን መድገም ስህተት አይደለም። አዲስ አበባ ራሷን የቻለች አስተዳደር ናት። ሸገር ከተማ የሚኖር ሰው ግን ኦሮሚያ ነው የሚለው፣ በአዲስ አበባ ስልክ ቁጥርና ታክሲ ቢጠቀምም።

አሁን «የቤት ቁጥር አዲስ» ወደሚለው። እኛ አገር ይህ አጻጻፍ የታወቀ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያም፣ የንግድ ፈቃድም ላይ ታገኚዋለሽ። ቁጥር ገና ያልተሰጠው ቤት ማለት እንደሆነ ማንም ይገባዋል። በእንግሊዝኛ `House No. New` ተብሎ ሲገለበጥ ግን ውጭ ያለ አንባቢ «አዲስ» የቤቱ ስም ይመስለዋል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። አንቺ ራስሽ ነፃ ሆነሽ የምትጽፊበት መስመር ላይ ከላይ እንዳሳየሁሽ ቁጥር የለውም በዪ። የቤት ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ የተለየ ሳጥን ካለና ማስረጃሽ ላይ `New` ተብሎ ከተተረጎመ፣ እንዳለ `New` ጻፊ። አንባቢው ሁለቱን ሲያስተያይ አንድ ዓይነት ያገኛል።

ሳጥኑ ይህንንም አልቀበልም ካለ በቅደም ተከተል ሞክሪ። መጀመሪያ አጠገቡ «አይመለከተኝም» የሚል ትንሽ ሳጥን እንዳለ እዪ። የአሜሪካ ቪዛ ማመልከቻ የሆነው ዲኤስ-160 ለምሳሌ ለክልልና ለፖስታ ኮድ `Does Not Apply` የሚል ምልክት ማድረጊያ አለው። ብዙ ሰው አያየውም፤ አላይ ብሎ ቁጥር ይፈጥራል። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ `NA` ብለሽ ሞክሪ። በፊደሎቹ መካከል ያለውን ሰያፍ መስመር ብዙ ፎርም ስለማይወድ ተዪው። ቁጥር ብቻ ነው የምቀበለው ካለ 0 አስገቢ። ዜሮ የማንም ቤት ቁጥር አይደለም፤ ያየው ሰው ሁሉ «የለም» ማለት እንደሆነ ይረዳዋል። 123 ግን የሆነ ቤት ነው።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ካነበበ፣ የእሱ ጉዳይ ይለያል። ብሎክና የቤት ቁጥር አለው፤ ያ በቂ አድራሻ ነው። ብቻ በሰያፍ መስመር አያይዞ አይጻፈው። `Block 24, House 12` ብሎ ይለየው።

ፖስታ ኮዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጓደኛሽ ምክር ያለው እዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ነው። ፖስተኛ ቤት ለቤት እየዞረ በኮድ አያድልም። ስለዚህ «የሰፈሬ ፖስታ ኮድ ስንት ነው?» ብለሽ ብትፈልጊ የምታገኚው ነገር ለደብዳቤሽ ሥራ አይሠራም። ይሁን እንጂ በዓለም አቀፍ የአድራሻ ዝርዝሮች ላይ ኢትዮጵያ ባለ አራት አሃዝ ኮድ አላት ተብሎ ተመዝግቧል። ለአዲስ አበባ የሚታየውም 1000 ነው። ከድረ ገጾች ጀርባ የሚሠሩ ብዙ የማጣሪያ ፕሮግራሞች ይህንን መዝገብ ነው የሚጠቀሙት።

ውጤቱን ተመልከቺ። አገር የሚለው ላይ ኢትዮጵያን ከመረጥሽ በኋላ 00000 ስታስገቢ ፎርሙ ቀይ ሆኖ «ትክክል አይደለም» ሊልሽ ይችላል። አምስት አሃዝ ስለሆነ ነው። አራት ይጠብቃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ፎርሙ ተበላሽቷል ይላል። 1000 ስታስገቢ ያልፋል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ምክሬ ይህ ነው፤ አይመለከተኝም የሚል ምልክት ካለ እሱን፣ ኮከብ ከሌለው ባዶ፣ ግዴታ ከሆነ 1000። ፎርሙ የአገሩን ልዩነት የማያውቅና አምስት አሃዝ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ከሆነ፣ ያን ጊዜ 00000 የመጨረሻው አማራጭ ነው። በዚያ ቦታ ችግር አያመጣም። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሰው 1000 አይጻፍ፤ ግዴታ ከሆነበት አራት ዜሮ ይሞክር።

ሁለት ነገር ግን በጭራሽ አታስገቢ። አንዱ 12345 ነው። ብዙ ሰው የውሸት ቁጥር ይመስለዋል። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ስኬነክታዲ የምትባል ከተማ ያለ እውነተኛ ዚፕ ኮድ ነው። አገር የሚለውን በስህተት ሳትቀይሪ ከቀረሽ አድራሻሽ አሜሪካ ሆኖ ይመዘገባል፣ አንዳንዱ ፎርምም ከተማውን ራሱ ይሞላዋል። ሁለተኛው 251 ነው። እሱ የስልክ ኮዳችን ነው። አገር መርጠሽ ሳለ መድገሙ ምንም አይጨምርም፣ ሦስት አሃዝ ስለሆነም አንዳንዱ ፎርም ይጥለዋል።

ስለ ቅደም ተከተሉም አንድ ነገር፤ ሁልጊዜ አገሩን መጀመሪያ ምረጪ። ብዙ ፎርም አገሩ ሲቀየር ሳጥኖቹን ይቀይራል። ኢትዮጵያ ስትዪው ኮከቡ ከፖስታ ኮዱ ላይ ሲጠፋ አይቻለሁ። ከላይ ወደ ታች የሞላ ሰው ግን ያን ዕድል አያገኝም።

አሁን ወንድምሽ ወደሚከፍለው ክፍያ። እዚህ ላይ ከሌላው ሁሉ የተለየ ሕግ አለ።

የክፍያ ገጹ ላይ የሚጠየቀው አድራሻ ያንቺ አይደለም። የካርዱ ባለቤት አድራሻ ነው፣ ያውም ባንኩ ዘንድ የተመዘገበው። አሜሪካ ውስጥ ካርድ ሲከፈልበት ከመንገድ አድራሻው ቁጥሩና ዚፕ ኮዱ ወደ ባንኩ ተልከው ይመሳከራሉ። ያንቺን ክፍለ ከተማና 1000 ብታስገቢ ካርዱ ገንዘብ ሞልቶበት ሳለ «ክፍያው ተቀባይነት አላገኘም» ሊል ይችላል። ሰው ሦስት አራት ጊዜ ይሞክርና ባንኩ በጥርጣሬ ካርዱን ያግደዋል። ስለዚህ ወንድምሽን «የካርድህን አድራሻ ባንክ እንደሚያውቀው ጻፍልኝ» በዪው። ቤት ከቀየረ በተለይ የትኛውን እንደሚያውቁት ያረጋግጥ። «የክፍያ አድራሻ ከመኖሪያዬ ጋር አንድ ነው» የሚል ሳጥን ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ታገኚ ይሆናል። ምልክቱን አንሺው። ከተቻለ ደግሞ የክፍያውን ገጽ ራሱ ወንድምሽ ከፍቶ ቢሞላ ይሻላል። የካርዱን ቁጥር በቴሌግራም መላላክም ይቀርላችኋል።

የእሱ አድራሻ በክፍያው ገጽ ላይ ብቻ ይቅር። «ለማንኛውም የአሜሪካውን ልጻፍ፣ እዚያ ደብዳቤ አይጠፋም» ብለው መኖሪያ አድራሻ ላይ የዘመድ ቤት የሚያስገቡ አሉ። መኖሪያሽ አሜሪካ ነው ያልሽ ማለት ነው። በኋላ ለተማሪ ቪዛ ስትቀርቢ የምኖረው አዲስ አበባ ነው ትያለሽ። ሁለቱ አይገጥሙም።

ደብዳቤ መቀበያ አድራሻ ለብቻው ከተጠየቅሽ ግን እዚያ ላይ ነፃነት አለሽ። የፖስታ ሣጥን ካለሽ እሱን። ከሌለሽ የመሥሪያ ቤትሽን ወይም የቅርብ ዘመድ ሣጥን በፈቃዳቸው መጠቀም ትችያለሽ። ያን ጊዜ በማን በኩል እንደሚደርስሽ መጻፍ አለበት፣ አለበለዚያ ሣጥኑን የከፈተው ሰው የማን እንደሆነ አያውቅም። አጻጻፉ እንዲህ ነው።

```
(Your full name)
c/o (name of box holder)
P.O. Box (number)
Addis Ababa, Ethiopia
```

ሣጥኑ የማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚከፍተውም ጠይቂ። መሥሪያ ቤት ከሆነ ተላላኪው ስምሽን ይወቅ። ወር ሙሉ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተኛ የመግቢያ ደብዳቤ አጋጥሞኛል። ፖስታው ደርሷል፣ ባለቤቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው ዋናውን ወረቀት በኩሪየር የሚልክ ከሆነ ደግሞ የፖስታ ሣጥን አይሆንም። ኩሪየር እጅ ለእጅ ነው የሚያስረክበው፣ ፊርማ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ከአድራሻሽ ሁሉ የሚበልጠው ስልክ ቁጥርሽ ነው። ሞተረኛው አያት ሲደርስ ይደውላል፣ ካላነሳሽ ይመለሳል። ስልኩን በስልክ ሳጥን ውስጥ ብቻ አትተዪው። መለያው ላይ ሳይታተም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቦታ ካለ እዚያም ድገሚው። ለኩሪየር በሚሆነው መስመር ላይ «ቁጥር የለውም» ከሚለው ይልቅ ስልኩ ይጠቅማል። የመደመር ምልክቱን የማይቀበል ከሆነ በ09 ጀምሪው፤ እዚህ አገር የሚደውለው ሰው ያንን ያውቀዋል።

ለኩሪየር የሚረዳሽ ሌላ ነገር ፕላስ ኮድ ነው። ጉግል ካርታ ላይ ቦታ ስትነኪ ከታች የሚወጣው ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነገር። ከጎግል የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፣ በነፃ ነው፣ ማንንም ማስመዝገብ አያስፈልግም። መሬትን በኬንትሮስና በኬክሮስ ከፋፍሎ እያንዳንዱን 14 ሜትር በ14 ሜትር ያህል የሆነ ካሬ ስም ይሰጠዋል። አንድ ግቢ ለመለየት ይበቃል። መስቀል አደባባይን ብንወስድ እንዲህ ይመጣል።

```
9.0103, 38.7611
2Q66+4C Addis Ababa
6GXW2Q66+4C
```

የመጀመሪያው የካርታ ነጥቡ ነው። ሁለተኛው አጭሩ ኮድ፣ ሦስተኛው ሙሉው። አጭሩ የሚሠራው የከተማው ስም አብሮት ካለ ብቻ ነው። አንቺ `2Q66+4C` ብቻ ለወንድምሽ ብትልኪለት ስልኩ እሱ ያለበት ከተማ አካባቢ ያለ ቦታ ሊያሳየው ይችላል። ስለዚህ ወደ ውጭ ለምትልኪው ሙሉውን ጻፊ።

ሙሉው ኮድ ትክክል መሆኑን ማወቂያ ቀላል መንገድ አለ። ከመደመር ምልክቱ በፊት ስምንት፣ በኋላ ሁለት ፊደል ወይም ቁጥር መኖር አለበት። ዜሮ፣ አንድ እና አናባቢ ፊደላት በኮዱ ውስጥ የሉም። ሆን ተብሎ የተተዉት እንዳይምታቱ ነው። `O` ወይም `I` ካየሽ ስትገለብጪ ተሳስተሻል። አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ መነሻው `6GXW` ወይም `6GWW` ይሆናል። ሁለት የሆነበት ምክንያት የ9 ዲግሪ መስመር ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፍ ነው። ፒያሳ፣ መስቀል አደባባይ፣ አያት ከመስመሩ በስተሰሜን ናቸው፤ `6GXW` ነው የሚጀምሩት። የቦሌ አየር ማረፊያ፣ ሳሪስ፣ ቃሊቲ በስተደቡብ ናቸው፤ `6GWW`። ያንቺ በሌላ ነገር ከጀመረ ፒኑ ከከተማው ወጥቷል።

ፒኑን ስታስቀምጪ ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ ስልኩ ያለሁበት ነው የሚለውን አትመኚው። በጣሪያ ሥር በአሥር ሜትሮች ይስታል፤ በእኛ ሰፈር ያ ማለት ሌላ ቅያስ ነው። ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሪ፣ የቤታችሁን ጣሪያ ፈልጊ፣ ከዚያ ጣሪያውን ትተሽ የግቢውን በር ተጭነሽ ያዢ። ሞተረኛው የሚቆመው በሩ ላይ ነው። ጀርባችሁ ያለው ቅያስ ለጣሪያችሁ ይቀርብ ይሆናል፣ ግን በር የለውም። ከዚያ ኮዱን ወደ አንድ ሰፈሩን የማያውቅ ጓደኛ ላኪና ይምጣ። ሳይደውል በሩ ላይ ከቆመ ሠርቷል።

ፕላስ ኮድን ግን የማመልከቻው መኖሪያ አድራሻ ላይ አታስገቢ። ብዙ ፎርም የመደመር ምልክቱን አይቀበልም። ምልክቱን ስታጠፊው ደግሞ ኮድ መሆኑ ይቀራል። በዚያ ላይ ከፋይዳሽም ከስቴትመንትሽም ጋር አይመሳሰልም። ቦታው የኩሪየር መመሪያ ወይም ማስታወሻ የሚጻፍበት ሳጥን ነው። ፎቅ ለሚኖር ሰውም ብሎኩን እንጂ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ አይናገርም።

የገጠር ሰው ቢሆንስ? ወላጆችሽ ወይም ዘመዶችሽ ጉዳይ ሊገጥማቸው ስለሚችል በአጭሩ ልበል። መሰላሉ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ከዚያ ጎጥ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀበሌና ጎጥ፣ ሁለተኛው ላይ ወረዳና ዞን ይገባል። ከተማ የሚለው ላይ የወረዳው ዋና ከተማ ስም ይጻፋል። ደብዳቤው በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ በኩል ቢላክ ይሻላል።

በመጨረሻ የሚጠየቀው የአድራሻ ማረጋገጫ ነው። ውጭ አገር የውሃና የመብራት ቢል ይበቃል ይላሉ። የእኛ ቢል ግን ብዙ ጊዜ በአከራይ ወይም በአባት ስም ነው፣ መንገድም ቁጥርም የለውም። ስለዚህ ከወረዳው የነዋሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ አውጪ። ስታወጪ ሁለት ነገር እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። አንዱ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ልክ እንደ ፋይዳው እንዲሆን ነው። ሌላው ቤቱ እስካሁን የቤት ቁጥር ያልተሰጠው መሆኑ በግልጽ እንዲሰፍር ነው። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ደብዳቤ መጻጻፍ ታስቀርልሻለች። ሲተረጎም ተርጓሚው የፋይዳውን እንግሊዝኛ አጻጻፍ እንዲከተል ካርዱን ፎቶ አንስተሽ ስጪው።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ወረዳው ቁጥር ቢሰጣችሁ አትደንግጪ፣ የገባውንም ለመቀየር አትሩጪ። ባመለከትሽበት ቀን የጻፍሽው እውነት ነበር። ቁጥሩን የምታስገቢው ቀጥሎ በሚመጣው ፎርም፣ ለምሳሌ በቪዛው ላይ ነው። ያን ጊዜም መጀመሪያ ባንኩ ዘንድ አስመዝግቢው፣ ከዚያ ፎርሙን ክፈቺ።